የብድሩ አንቀጽና ሦስቱ ፊደላት

በቁርኣን ውስጥ ካሉት አንቀጾች ሁሉ በርዝመቱ የሚበልጠው ስለ ፍጥረት ወይም ስለ ነቢያት ታሪክ የሚናገር አይደለም፤ ስለ ብድር ውል የሚናገር ነው። የሚገኘውም በሁለተኛው ምዕራፍ በቁጥር 282 ላይ ሲሆን ዐረቦች «የብድር አንቀጽ» ብለው ይጠሩታል። ነገሩ በአጭሩ እንደሚከተለው ነው። በተወሰነ ቀን የሚከፈል ዕዳ በሰዎች መካከል ሲኖር ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ጸሐፊው በትክክል ይጻፍ፤ ሲጠሩትም እምቢ አይበል። ቃሉን የሚያስጽፈው ባለዕዳው ራሱ ይሁን፤ እሱ ለዚህ የማይበቃ ከሆነ ጠባቂው ስለ እሱ ያስጽፍ። ሁለት ወንዶች፣ ሁለት ወንዶች ካልተገኙም አንድ ወንድና ሁለት ሴቶች ምስክር ይሁኑ። ዕዳው ትንሽም ቢሆን መጻፉ አይታክት፤ እጅ በእጅ የሆነ ንግድ ግን ባይጻፍ ነውር የለበትም። ከዚህ ሁሉ በኋላ ስለ ጸሐፊውና ስለ ምስክሩ አንዲት አጭር ክልከላ ትከተላለች።

እኔም ብዙ ዓመት በጸሐፊነት ጠረጴዛ የተቀመጥሁ ሰው በመሆኔ ልቤን የሳበችው ይህች ክልከላ ናት። ጸሐፊው ሰውን እንዳይጎዳ ነው ወይስ ጸሐፊውን ሰው እንዳይጎዳው የከለከለችው? የዐረብኛ ሊቃውንት ስለዚህ ከአንድ ሺሕ ዓመት በላይ ተከራክረዋል። ክርክሩ የመጣውም ከሕግ ዐዋቂዎች አለመስማማት ሳይሆን ከአንድ ግስ ሦስት ፊደላት ነው። ይህን ለመረዳት ግን በቅድሚያ በዚያው አንቀጽ ውስጥ ያሉትን ሌሎች ቃላት ማየት ያስፈልጋል።

አንቀጹ የወረደው በመዲና እንደ ሆነ ይታወቃል፤ ማለት ነቢዩ ሙሐመድ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ622 ዓ.ም. ወደዚያ ከተሰደዱ በኋላ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) በዚያን ጊዜ የመዲና ሰዎች ገና ላልደረሰ ቴምር ሁለትና ሦስት ዓመት አስቀድመው ገንዘብ ይከፍሉ ነበር። የነቢዩ የአጎት ልጅ ኢብን ዐባስ አንቀጹ ስለዚህ ዓይነት ንግድ የወረደ ነው ይል እንደ ነበር ተጽፏል። ዋጋው ዛሬ ተከፍሎ ዕቃው ከሁለት ዓመት በኋላ የሚመጣ ከሆነ፣ ያለ ጽሑፍና ያለ ምስክር ጠብ መነሣቱ አይቀርም።

የዐረብኛ ቃል እንደ ግእዝና እንደ አማርኛ ቃል ብዙውን ጊዜ በሦስት ተነባቢ ፊደላት ላይ የቆመ ነው። ጸሐፈ፣ ጸሓፊ፣ መጽሐፍ፣ ጽሕፈት ስንል ጸ፣ ሐ፣ ፈ ከቦታቸው ሳይነቃነቁ ድምፃቸው ብቻ ይለዋወጣል። ፊደላቱ ነገሩን ይይዛሉ፤ የሚለዋወጠው ድምፅና በፊት ወይም በኋላ የሚጨመረው ፊደል ደግሞ ማን እንዳደረገው፣ በማን ላይ እንደ ተደረገ፣ መቼ እንደ ሆነ ይናገራል። በዐረብኛ የጽሕፈት ሥር ከ፣ ተ፣ በ ነው። እኛም ክታብ የምንለው ቃል የዚሁ ሥር ቤተሰብ ነው።

በብድሩ አንቀጽ ይህ ሥር ዘጠኝ ጊዜ ይመጣል። በመጀመሪያ «ፈክቱቡሁ» ተብሎ ለብዙ ሰዎች የተሰጠ ትእዛዝ ነው፤ ፈ መያያዣ ነው፤ በመጨረሻ ያለው ሁ ደግሞ ዕዳውን ያመለክታል፤ «ጻፉት» ማለት ነው። ቀጥሎ «ወልየክቱብ» ይመጣል፤ «ይጻፍም» ማለት ነው። ግእዝ የተማረ አንባቢ «ወለይጽሐፍ» ብሎ ቢያነበው ወ በወ፣ ለ በለ፣ የ በይ ልክ ሲገጣጠሙ ያያል። ከዚያ «ካቲብ» ይከተላል፤ የመጀመሪያው ፊደል ድምፅ ረዝሞ አድራጊውን፣ ማለት ጸሐፊውን ያወጣዋል። ካቲብ በአንቀጹ ሦስት ጊዜ ይጠራል፤ በመጀመሪያ በትክክል እንዲጽፍ፣ ሁለተኛ እምቢ እንዳይል፣ ሦስተኛም በዚያች ክልከላ ውስጥ ነው። የቀሩት «የክቱበ»፣ «ፈልየክቱብ»፣ «ተክቱቡሁ» እና «ተክቱቡሃ» ናቸው። ከእነዚህ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በአንዲት ድምፅ ብቻ ይለያያሉ፤ በሁ የተጨረሰው ወንድ ጾታ ያለውን ዕዳን፣ በሃ የተጨረሰው ሴት ጾታ ያላትን የእጅ በእጅ ንግድን ያመለክታል። በዚች አንዲት ድምፅ ለውጥ አንዱ መጻፉ እንዳይታክት ይታዘዛል፤ ሌላዋ ባትጻፍም ትፈቀዳለች።

ምስክርነቱም እንደዚሁ ነው። ሸ፣ ሀ፣ ደ የተባለው ሥር ሰባት ጊዜ ይመጣል፤ መሠረቱም በቦታው መገኘትና ማየት ነው። ስለ ብድሩ ሲያዝ «ወስተሽሂዱ» ይላል፤ ይህ ስተ የግእዙ አስተ ዘመድ ሲሆን «ምስክር ፈልጋችሁ አቁሙ» የሚል መልክ ይሰጠዋል። ወደ መጨረሻው ስለ መሸጥና መግዛት ሲያዝ ግን «አሽሂዱ» ይላል፤ ይህም በእኛ አስደራጊ አ የተሠራ ያህል «አስመስክሩ» ነው። «ሸሂደይን» ሁለት ምስክሮች ናቸው፤ ዐረብኛ ለሁለት የተለየ ቍጥር ስላለው «ሁለት» የሚል ቃል አላስፈለገውም። «ሹሀዳእ» ብዙዎቹ ናቸው፤ «ሸሃዳህ» የምስክርነቱ ቃል ነው። በመጨረሻም ከካቲብ ጋር ተጣምሮ «ሸሂድ» ይመጣል። ሸሂድ በኋለኛው ዘመን ስለ ሃይማኖቱ የሞተ ሰው ስም ሆኗል። የእኛም ግእዝ ሰማዕት የሚለውን ቃል ከመስማት አውጥቶ በዚያው መንገድ መርቶታል፤ አንዱ ምስክርን ከማየት፣ ሌላው ከመስማት ጀምረው በአንድ በር ገቡ።

በአንቀጹ መግቢያ ላይ ያለችው ጥንድም መዘለል አይገባትም። «ተዳየንቱም» እና «ደይን» ሁለቱም ከአንድ ሥር ናቸው። የመጀመሪያው ቃል በተ ጀምሮ መካከሉን ያረዝማል፤ በግእዝ ተቃተለ እንደሚባለው እርስ በርስ የሚደረግ ነገርን ያሳያል፤ «ተበዳደራችሁ» ማለት ነው። ሁለተኛው «ብድር» ነው። እንግዲህ መበዳደር ከተባለ ብድር መሆኑ የታወቀ ነውና «በብድር» ብሎ መድገም ለምን አስፈለገ? በ1144 ዓ.ም. የሞተው ዘመኽሸሪ የሰጠው መልስ ደስ ይላል፤ ቀጥሎ «ጻፉት» የሚለው ትእዛዝ የሚያመለክተው ስም እንዲያገኝ ነው ይላል። ግስ ብቻ ቢሆን ኖሮ «ት» የምትባለው ተንጠልጥላ ትቀር ነበር። ሌሎች ደግሞ ይህ ሥር ዋጋን መመላለስና መፍረድ የሚል ትርጉምም ስላለው፣ ስሙ የተጨመረው ብድር መሆኑን ለመለየት ነው አሉ። በእርግጥም «ደይን» ብድር ሲሆን በእነዚያው ፊደላት የሚጻፈው «ዲን» ፍርድና ሃይማኖት ነው። በግእዝም ደይን ማለት ፍርድ፣ ኩነኔ ነው፤ ግእዝ ያነበበ ሰው የዐረቡን የብድር ውል መጀመሪያ ሲያይ ወደ ዕለተ ደይን የሄደ ሊመስለው ይችላል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሥር ሁሉን የሚከፍት ቁልፍ አይደለም። በስምንተኛው መቶ ዓመት በበስራ የነበረው ኸሊል ኢብን አሕመድ መዝገበ ቃላቱን ሲያሰናዳ ሦስቱን ፊደላት በስድስት መንገድ እያፈራረቀ የሚነገረውን ካልተነገረው ለየ። በ1004 ዓ.ም. የሞተው ኢብን ፋሪስ ግን ከዚያ አልፎ ለየሥሩ መሠረታዊ አሳብ ሊያገኝለት ደከመ። ለከ፣ ተ፣ በ ያገኘለት አሳብ አንዱን ነገር ከሌላው ጋር መሰብሰብ ነው፤ ምክንያቱም ዐረቦች የውሃ አቁማዳ ሲሰፉም በዚሁ ሥር ይናገራሉ፣ የተሰለፈ የጭፍራ ክፍልንም «ከቲባ» ይሉታል። አሳቡ የሚያምር ነው። ይሁን እንጂ ከኤውሮፓ ሊቃውንት አንዳንዶቹ ይህ ሥር የጽሕፈትን ትርጉም ያገኘው ከአራማይክ ተውሶ ነው ብለዋል፤ ነገሩ እንዲህ ከሆነ ጸሐፊውና አቁማዳ ሰፊው የተገናኙት በፊደል ብቻ ነው።

ለዚህ የሚሆን ምስክር በአንቀጹ ውስጥ ራሱ አለ። ባለዕዳው ቃሉን ሲያስጽፍ የሚነገረው ግስ ከመ፣ ለ፣ ለ የወጣ ነው። በእነዚያው ሦስት ፊደላት «መለ» ሲባል ደግሞ «ታከተ፣ ሰለቸ» ማለት ነው። አንቀጹ «መጻፉ አይታክታችሁ» በሚልበት ቦታ ግን በዚህ ሥር አልተጠቀመም፤ ፈጽሞ ሌላ የሆነውን ሰ፣ አ፣ መ የተባለውን ሥር ወሰደ። ፊደል መግጠሙን ብቻ አይቶ ማስጻፍንና መታከትን አንድ ቤተሰብ ሊያደርግ የሚነሣ ሰው ይሳሳታል፤ ምንም እንኳ ቃል ሲያስጽፉን ለምንውል ሰዎች ዝምድናው እውነት ቢመስለንም።

ይህ መ፣ ለ፣ ለ ወደ ዋናው ጥያቄያችን ያደርሰናል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ፊደል አንድ ዓይነት ሲሆኑ ዐረቦች አንዱን በሌላው ውስጥ አግብተው አጥብቀው ያነቡታል። በብድሩ አንቀጽ ግን ይህ ግስ በሁለቱም መልክ ይታያል። ትእዛዝ ሲሆን «ዩምሊል» ተብሎ ሁለቱ ለዎች ተለያይተው ይነበባሉ፤ «ሊያስጽፍ የማይችል ቢሆን» በሚለው ቦታ ደግሞ «ዩሚለ» ተብሎ ለ ጠብቆ ይነበባል። በሁለተኛው ቦታ ማጥበቁ ግድ ነው። በትእዛዝና በክልከላ ጊዜ ግን የዐረብ ነገዶች ይለያያሉ፤ የሒጃዝ ሰዎች ፊደላቱን ይለያዩአቸዋል፣ የተሚም ነገድ ያገናኛቸዋል። ቁርኣን በብዙው በሒጃዝ ልማድ ሲሄድ አንዳንድ ጊዜ በሌላው ይሄዳል።

በመጨረሻ ያለችው ክልከላ ግስ ከፀ፣ ረ፣ ረ የወጣች ናት። ይህ የእኛው «ፀር» ነው፤ በግእዝ ጠላት፣ በዐረብኛ ጉዳት። ዐረቦች «ዷድ» የሚሉት ፊደል በጥንቱ ግእዝ የሚመልሰው በፀሐዩ ፀ ስለሆነ ቃሉን «ዩፃረ» ብለን እንጻፈው፤ ረ ግን ይጥበቅ። ከእሱ በኋላ «ካቲብ» እና «ሸሂድ» ይከተላሉ።

ጕዳዩን በጤነኛ ሥር እንፈትነው። ከከ፣ ተ፣ በ በዚሁ መልክ ግስ ብናወጣ «ዩካቲብ» ገቢር ይሆናል፤ «ለሰው ይጽፋል» ማለት ነው። «ዩካተብ» ደግሞ ተገብሮ ይሆናል፤ «ሰው ይጽፍለታል» ማለት ነው። ሁለቱን የሚለያቸው በመካከለኛው ፊደል ላይ ያለችው ድምፅ ብቻ ናት፤ ቲ ከሆነ አድራጊ፣ ተ ከሆነ ተደራጊ። ከፀ፣ ረ፣ ረም እንዲሁ ገቢሩ «ዩፃሪር»፣ ተገብሮው «ዩፃረር» መሆን ነበረበት። ነገር ግን ሁለቱ ረዎች አንድ ሆነው ሲጠብቁ በመካከላቸው የነበረችው ድምፅ ትወድቃለች። የምትወድቀውም አድራጊውን ከተደራጊው የምትለየው ያችው ድምፅ ናት። ሁለቱም «ዩፃረ» ሆነው ይቀራሉ። ስለዚህ ቃሉ «ጸሐፊና ምስክር አይጉዱ» ሊሆን ይችላል፤ «ጸሐፊና ምስክር አይጎዱ»ም ሊሆን ይችላል።

አማርኛችን ተመሳሳይ ነገር አለው። «ጸሐፊም ምስክርም አይጎዳም» ብዬ ብጽፍ አንባቢ ሁለት ዓይነት ሊያነበው ይችላል፤ ላልቶ ሲነበብ ጸሐፊው ሰው አይጎዳም፣ ጠብቆ ሲነበብ ጸሐፊውን የሚጎዳው የለም። ልዩነቱ ይህ ነው፤ የእኛ ችግር የወረቀት ችግር ነው፤ አፍ ሲከፈት ይፈታል። የዐረቡ ግን ጮክ ተብሎ ቢነበብም አይፈታም፤ ድምፁ ራሱ አንድ ነውና። በዚያው ምዕራፍ በቁጥር 233 ስለምታጠባ እናት የተነገረውም በዚሁ ግስ ነው፤ እናት በልጇ ምክንያት ትጎዳ ወይስ ትጉዳ የሚለው እዚያም ያከራክራል።

የጥንት አንባቢዎች ይህን ችግር ዐውቀው በንባባቸው ሊፈቱት ሞክረዋል። ዘመኽሸሪ እንደ ጻፈው ዑመር ሁለቱን ረዎች ለይቶ «ዩፃሪር» ብሎ አንብቧል፤ ጸሐፊው አይጉዳ ማለቱ ነው። ኢብን ዐባስ ግን ለይቶ «ዩፃረር» ብሎ አነበበ፤ ጸሐፊው አይጎዳ ማለቱ ነው። ሁለቱም በሒጃዝ ልማድ መሠረት ትክክለኛ ዐረብኛ ነው። ነገር ግን በጽሑፍ የተላለፈው መጽሐፍ አንድ ራ ብቻ ስላለው ሁለቱም ንባቦች በትርጓሜ መጻሕፍት ውስጥ ቀሩ እንጂ ወደ ጽሑፉ አልገቡም።

ስለዚህ ክርክሩ ከሥሩ ወጥቶ ወደ ዐረፍተ ነገሩ ተሻገረ። በ923 ዓ.ም. የሞተው ጦበሪ የሁለቱንም ወገን ቃል ከሰበሰበ በኋላ ተገብሮውን መረጠ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። አንቀጹ ከመጀመሪያው ጀምሮ «ጻፉ፣ አስመስክሩ» እያለ የሚናገረው ለተዋዋዮቹ ነው፤ ከክልከላዋም በኋላ ወዲያው «ብታደርጉት» እያለ በዚያው «እናንተ» ይቀጥላል። ጸሐፊውና ምስክሩ ቢሆኑ የተከለከሉት፣ ሁለት ሆነው የተጠሩ ናቸውና በሁለትነት ቍጥር «ቢያደርጉት» ሊባል ይገባ ነበር። ስለዚህ የተከለከሉት ጸሐፊ የሚያስጠሩት ሰዎች ናቸው። በሌላው ወገን ያሉት ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣውን የወቀሳ ቃል ይጠቅሳሉ። ቃሉ ከሕግ መውጣትን የሚያመለክት ከባድ ቃል ነውና የተባለውን ትቶ ያልተባለውን ለሚጽፍ ወይም ምስክርነቱን ለሚያጣምም ሰው ይስማማል እንጂ ጸሐፊን ላስቸገረ ባለጕዳይ ይበዛበታል ይላሉ። የጦበሪ ምክንያት ከሰዋስው ስለ ተነሣ ለእኔ የበረታ ይመስለኛል። የእኔ ፍርድ ግን ጠረጴዛው ከየትኛው ወገን እንደሆነ ስለሚታወቅ አንባቢ ጥቂት ቀንሶ ይቀበለው።

ጸሐፊው እንዴት ይጎዳል ለሚለውም መልስ ተሰጥቷል። ጦበሪ ካሰባሰባቸው የጥንት ሰዎች ቃል እንደምንረዳው፣ ጸሐፊው ወይም ምስክሩ በራሱ ጕዳይ ተጠምዶ ሳለ ሌላ ሰው ማግኘት የሚችል ባለጕዳይ ይመጣና «እምቢ እንዳትል ታዘሃል» እያለ ያስጨንቀዋል። ይህ ነገር አንቀጹን በአንቀጹ ላይ ማስነሣት ነው፤ ከፍ ብሎ «ጸሐፊ እምቢ አይበል» ያለውን ትእዛዝ ዱላ አድርጎ መያዝ ነው። ዘመኽሸሪ ደግሞ ወደ ገንዘቡ ይመጣል። ጸሐፊው የድካሙን ዋጋ ቢከለከል፣ ምስክሩም ከሌላ አገር ሲመጣ የመንገዱን ወጪ ራሱ እንዲሸከም ቢደረግ፣ ይህ በክልከላዋ ውስጥ የሚገባ ጉዳት ነው ብሎ ጽፏል።